ፋኑ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚሞላው ያው አንድ ጥያቄ ነው። «መምህር፣ ዴስክቶፑ ይበራል፣ ፋኑም ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል አሉኝ። እውነት ነው?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከዋናው ልጀምር። ፋን መሽከርከሩ ኮምፒውተሩ በሕይወት ስለመኖሩ ምንም አይመሰክርም። ስክሪን መጨለሙም ማዘርቦርድ ስለመሞቱ አይመሰክርም። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ተነሥቶ «ቦርዱ ሄዷል» የሚል ሰው እየገመተ ነው። ደግነቱ፣ መሣሪያ ሳይገዛ፣ ማሽኑ ራሱ እንዲናገር የሚያደርግ አንድ ፈተና አለ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ፈተና ነው።

መጀመሪያ ግን ፋኑ ለምን እንደሚያታልል እንረዳ። ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አድርጎ ያወጣል። ፋኑ የሚፈልገው ያንን 12 ቮልት ብቻ ነው። 12 ቮልት ካገኘ ይዞራል፣ ነገር አለቀ። ፕሮሰሰሩ ግን የሚሠራው በ1 ቮልት አካባቢ ነው። ይህንን ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ክፍሎች ከ12 ቮልቱ አውርደው፣ አስተካክለው ነው የሚሰጡት። ፕሮሰሰሩ ኃይል ካገኘ በኋላ ባዮስ የሚባለውን ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል። ባዮሱ ራሙን ይፈልጋል፣ ያገኘውን ራም ይለማመደዋል፣ ከዚያ ወደ ምስል ማውጫው ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ ወይም የፋብሪካው ዓርማ የሚታየው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ በፋኑ መዞርና በመጀመሪያው ምስል መካከል ረጅም መንገድ አለ። ፋኑ የመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ምስሉ መጨረሻው ላይ። የእኛ ሥራ ማሽኑ በዚህ መንገድ ላይ የት እንደቆመ ማወቅ ነው። ሃርድ ዲስክና ዊንዶውስ በዚህ መንገድ ላይ የሉም፣ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። «ዊንዶውስ ስለተበላሸ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁ ካለ ሲፒዩውን ይዛችሁ ውጡ። ዊንዶውስ ቢበላሽ ኖሮ ቢያንስ የፋብሪካው ዓርማ ወይም የስህተት ጽሑፍ ይታያችሁ ነበር።

(«ሲፒዩ» ያልኩት እኛ ሀገር ሁላችንም እንደምንለው ሙሉ ሣጥኑን ነው። ክፍል ውስጥ «ሲፒዩ ማለት ውስጡ ያለችው ፕሮሰሰር ብቻ ናት» እያልኩ ስንት ዓመት እንደለፋሁ ታውቃላችሁ። ተሸነፍኩ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ሣጥኑን ሲፒዩ፣ ትንሿን ፕሮሰሰር እላለሁ።)

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ሥራ ልውሰዳችሁ፣ በእሱ ላይ ነው ደረጃ በደረጃ የማሳያችሁ።

ነሐሴ ላይ ነው። ሽምብጥ በኩል፣ ከጣና ብዙም ያልራቀች የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ ያላት አንዲት እህት ሲፒዩዋን በባጃጅ ጭና ቤቴ መጣች። ከእሷ ጋር ፔዳ ግቢ በክረምት የሚማር አንድ የገጠር አስተማሪ አለ። የመመረቂያ ጥናቱን ያስተየበው እሷ ጋ ነው፣ ያለውም እዚያው ሲፒዩ ውስጥ ብቻ ነው። ሰኞ አማካሪው ይጠብቀዋል። ዕለቱ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ ሞቷል ነው የሚሉኝ» አለችኝ። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ከምትለውጪው እንዳለ ሽጪልን አሉኝ። እኔ ሲፒዩው አይደለም ያሳሰበኝ፣ የሰው ወረቀት ነው።»

አስተማሪው ምንም አልተናገረም። ቆሞ ሲፒዩውን ያየዋል።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አልኳቸው። «ማዘርቦርዱ ቢሞት እንኳ ጽሑፉ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩ ደህና ከሆነ ፈትተን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን እናወጣዋለን። ስለዚህ አይዟችሁ። ግን ከነዲስኩ እንዳትሸጪው።»

ከዚያ ታሪኩን ጠየቅኳት። ሁልጊዜ ከመፍታቴ በፊት እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። መቼ ነው መጨረሻ የሠራው? ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሐምሌ መጨረሻ ላይ እናቷ ታማባት ሱቁን ለሦስት ሳምንት ያህል ዘግታው ነበር። ስትመለስ ጣሪያው አንድ ጥግ ላይ አፍስሷል፣ ሲፒዩው ላይ ግን ውሃ አልደረሰም። ስታበራው ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ አልበራም። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ እየበራ አልነበረም፣ ከዲቫይደሩ ነቅላው ነው የሄደችው። ይህች የመጨረሻዋ መልስ ትልቅ ነገር ነች። ተነቅሎ የተቀመጠ ማሽን በመብራት መመታት አይችልም። ሦስት ሳምንት በሐምሌ እርጥበት ውስጥ፣ በተዘጋ ቤት፣ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ያደርጋል። እሱን ልብ አልኩት።

የመጀመሪያው እርምጃ ስክሪኑን ከጥርጣሬ ማውጣት ነው። የሚሠራ መሆኑን የማውቀውን የራሴን ሞኒተርና የራሴን ኬብል ሰካሁ። ሞኒተሩ No Signal ብሎ ጻፈ። ይህ ጽሑፍ ብዙ ሰው ያስደነግጣል እንጂ ጥሩ ዜና ነው፤ «እኔ ደህና ነኝ፣ ግን ከወዲያ የሚመጣ ነገር የለም» ማለቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሲፒዩው ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ካለው፣ የሞኒተሩ ኬብል መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። ካርድ ሲኖር ብዙ ማሽኖች የማዘርቦርዱን መውጫ ይዘጉታል። ስንት ሰው ሲፒዩ ለማጽዳት ነቅሎ ሲመልስ ኬብሉን የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ «ሞተብኝ» ብሏል! የእሷ ግን ካርድ የለውም፣ መውጫው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አለፍኩ።

ሁለተኛው እርምጃ ኪቦርዱ ነው። ኪቦርድ ሰክቼ አበራሁት፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ፣ ከዚያ ነምሎክ የሚለውን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ። ትንሿ መብራት በእያንዳንዱ መጫን ከበራችና ከጠፋች፣ ማሽኑ ከውስጥ እየሠራ ነው፤ ጎድሎ ያለው ምስሉ ብቻ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ኬብል፣ ወደ ካርድ፣ ወደ መውጫው ይሄዳል። ተጠንቀቁ፣ መብራቷ አንዴ በርታ መቅረቷ ማስረጃ አይሆንም፤ ለጣታችሁ መታዘዝ አለባት። የእሷ አልታዘዘችም። ስለዚህ ማሽኑ ከምስሉ በፊት፣ መንገዱ መሀል የሆነ ቦታ ላይ ቆሟል።

አሁን ያልኳችሁ ፈተና ጋ ደረስን። ራሙን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ፣ ያለ ራም አብሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዮሱ ራም ሲፈልግ ቢያጣ ዝም አይልም፣ ይጮኻል ወይም መብራት ያርገበግባል። ጩኸቱ የሚመጣው ግን ፕሮሰሰሩ ባዮሱን እያነበበ ከሆነ ብቻ ነው። የሞተ ፕሮሰሰር «ራም የለም» ብሎ አይጮኽም። የሞተ ማዘርቦርድም አይጮኽም። ስለዚህ ሆን ብለን አንድ የምናውቀውን ችግር እንፈጥርለትና ይነግረን እንደሆነ እናያለን። ከነገረን፣ ፕሮሰሰሩ፣ ባዮሱና ለእነሱ ኃይል የሚሰጠው የቦርዱ ክፍል ሁሉም በሕይወት አሉ ማለት ነው። ልክ የተኛ ሰው መሞቱን ወይም መተኛቱን ለማወቅ ቆንጠጥ እንደማድረግ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት ግን ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። በፓወር ቁልፉ ማጥፋት አይበቃም። ገመዱ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ኮምፒውተሩ «ጠፍቶም» ቢሆን 5 ቮልት ወደ ቦርዱ ይልካል፣ ራም በዚያ ላይ እያለ መንቀል ራሙንም ቦርዱንም ሊጎዳ ይችላል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የፓወር ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ የቀረው ኃይል ይፈሳል። ከዚያ የሣጥኑን ባዶ ብረት በእጃችሁ ንኩ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወጣ።

የእሷ ሲፒዩ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራሞች ነበሩት። ሁለቱንም አወጣሁ፣ ገመዱን መለስኩ፣ አበራሁት።

ቢፕ። ቢፕ። ቢፕ።

ሴትየዋ ደነገጠች። «ምን ሆነ?» አለች።

«ተናገረ» አልኳት። «ማዘርቦርድሽ አልሞተም።»

በዚህች ቅጽበት የአንድ ሙሉ ቦርድ ዋጋ ተረፈ ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፣ እስካሁን ምንም አልጠገንኩም። አንድ ነገር ነቅዬ አንድ ነገር ሰማሁ፣ ይኸው ነው።

ምልክቱ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ስፒከር ያላቸው በቢፕ ይጮኻሉ። በርከት ያሉ ቆየት ያሉ ኤችፒዎች ራም ሲያጡ የፓወር መብራታቸው 5 ጊዜ በቀይ ብልጭ ይላል፣ 5 ቢፕም አብሮ ይሰማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጡ ብዙ ዴሎች ደግሞ 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 3 ጊዜ ነጭ ያበራሉ። ሰው የገጣጠማቸው ማሽኖች ብዙ ጊዜ ስፒከር የላቸውም፤ አዳዲሶቹ ቦርዶች ላይ ግን ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤና ቡት የሚል ስም የተጻፈባቸው አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፣ የቆመበትን ደረጃ በርቶ የሚቀረው መብራት ይነግራችኋል። ስፒከርም መብራትም የሌለው ቦርድ ከሆነ፣ ከአሮጌ ሲፒዩ ላይ ትንሿን ስፒከር ነቅላችሁ የፓወር ቁልፉ ገመድ በሚሰካበት አካባቢ ስክታችሁ ፈትኑ። ስፒከር በሌለው ማሽን ዝምታን እንደ ማስረጃ እንዳትወስዱ።

ቦርዱ መኖሩን ካወቅን፣ ቀጥሎ ጥያቄው ራሙ ነው ወይስ ራሙ የሚሰካበት ስሎት? ሁለት ራም፣ ሁለት ስሎት፣ አራት ሙከራ። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር በአንዴ ከለወጣችሁና ከሠራ፣ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም።

አንደኛውን ራም ሀ፣ ሌላውን ለ እንበላቸው። ሀን ስሎት አንድ ላይ ሰካሁ፦ ፋን ይዞራል፣ ዝም። ሀን ስሎት ሁለት ላይ፦ ዝም። ለን ስሎት አንድ ላይ ሰካሁ፦ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ዓርማ ብቅ አለ። አስተማሪው ድምፅ አውጥቶ «ተመስገን!» አለ። እኔ ግን አጠፋሁት፣ አራተኛው ሙከራ ስለቀረኝ። ለን ስሎት ሁለት ላይ፦ ሠራ።

ንባቡ ቀላል ነው። ለ በሁለቱም ስሎት ሠርቷል፣ ስለዚህ ስሎቶቹ ደህና ናቸው። ሀ በሁለቱም ስሎት ዝም ብሏል፣ ስለዚህ ችግሩ ሀ ላይ ነው። አራተኛውን ሙከራ ብዘለው ኖሮ ስለ ስሎት ሁለት ምንም አላውቅም ነበር። ውጤቱ ተቃራኒ ቢሆን፣ ማለትም ሁለቱም ራሞች አንድ ስሎት ላይ ዝም ብለው ሌላው ላይ ቢሠሩ፣ ጥፋተኛው ስሎቱ ይሆን ነበር። ከቦርድ ጋር በሚስማማው ስሎት በአንድ ራም መሥራት ይቻላል፣ ለጽሕፈት ሥራም ይበቃል።

አንድ ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ መጠየቅ አለበት፦ ራም ሀ ችግር ካለው፣ ማሽኑ ራሞቹ ተሰክተው ሳለ ለምን አልጮኸም? ለምን ሲወጡ ብቻ ጮኸ? ብዙ ጠጋኞችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ «የራም ችግር ቢሆን ይጮኽ ነበር» ይላሉ። ዲዲአር3 ራም 240 የመገናኛ ጥርሶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ራሙ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ጋር የተገናኙ ናቸው፤ ቺፗ የራሙን መታወቂያ ነው የያዘችው፣ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ። እነዚያ ጥቂት ጥርሶች ንጹሕ ከሆኑ ባዮሱ መታወቂያውን ያነባል፣ «ራም አለ» ብሎ ያምናል፣ የለም የሚለውን ጩኸት አያሰማም። ከዚያ ዳታ ሊያስተላልፍ ሲሞክር፣ የሌሎቹ ጥርሶች ግንኙነት ተበላሽቶ ስለሚያገኘው እዚያው ይቆማል። አንዳንዱ እንደገና እየጀመረ፣ እየጠፋ እየበራ ይዞራል። ከ240 አንዷ ብትቆሽሽ እንኳ ሊበቃ ይችላል።

ጥርሶቹን ምን አቆሸሻቸው? ጥርሶቹ በቀጭን ወርቅ የተለበጡ ናቸው፣ ወርቅ ደግሞ አይዝግም። ግን ልባጡ በጣም ስስ ነው፣ ከሥሩ ያሉት ብረቶች ይዝጋሉ። የባሕር ዳርን ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። በጋ ላይ አቧራው በፋኑ እየተሳበ ይገባል፣ ክረምት ላይ ከጣና የሚመጣው እርጥበት ያንን አቧራ ያርሰዋል። በየቀኑ የሚሠራ ኮምፒውተር በራሱ ሙቀት ይደርቃል። ጠፍቶ የተቀመጠ ግን የሚያደርቀው የለም። ለዚህ ነው እንደዚህ ያለ ብልሽት በሥራ መሀል ሳይሆን ከረጅም ዝግ ጊዜ በኋላ ሲበራ የሚገኘው። ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ ላብራቶሪ ሲከፍቱ ከሃያው ኮምፒውተር ሦስት አራቱ «ሞተው» የሚያገኟቸውም በአብዛኛው በዚሁ ነው።

ማጽዳቱ እንዲህ ነው። ንጹሕ ነጭ የእርሳስ ላጲስ ውሰዱ። የቢክ ማጥፊያውን ሻካራ ላጲስ አይደለም፣ እሱ ወርቁን ይልጠዋል። ራሙን በጎኑና በጎኑ ይዛችሁ ጥርሶቹን ቀለል አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ጥቂት ጊዜ ጥረጉ፣ ሁለቱንም ገጽ። የላጲሱን ፍርፋሪ በንጹሕ የቀለም ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ የፋርማሲ አልኮል ባነካካችሁት ንጹሕ ጨርቅ አብሱት። የፋርማሲው አልኮል ውሃ ስላለበት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። (አረቄ አይሆንም። ተጠይቄ ስለማውቅ ነው።) ስሎቱን ደግሞ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጽዱት፤ በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፣ ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው። ስትሰኩት የራሙ ጉድ ከስሎቱ ጋር መግጠሙን አይታችሁ፣ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫኑት። ግማሽ የገባ ራም ከቆሸሸ ራም አይለይም።

ራም ሀን አጽድቼ ሰካሁት። ሠራ። ሁለቱንም ሰካኋቸው፣ 8 ጊጋ ብሎ ቆጠረ።

ግን እዚህ አላበቃሁም፤ ምስል መምጣቱ ራሙ ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ሜምቴስት86 የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ አስነሥቼ አንድ ሌሊት ሙሉ እንዲፈትነው ተውኩት። እሱን ከመጀመሬ በፊት ግን፣ በራም ለ ብቻ አብርቼ የአስተማሪውን ጥናት ፍላሹ ላይ ገለበጥኩለት። የሰው ሥራ በተጠረጠረ ራም አይነካም፤ የሚሳሳት ራም ፋይል ሲገለብጥ ሊያበላሽ ይችላል። ጠዋት ላይ ስህተቱ ዜሮ ነበር። አንድ እንኳ ስህተት ቢያሳይ ራም ሀን አውጥቼ በ4 ጊጋ ብቻ እሰጣት ነበር፣ ምክንያቱም በራም «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ሌላኛው መንገድ። ራሙን ሁሉ አውጥታችሁ፣ ስፒከር ወይም መብራት መኖሩንም አረጋግጣችሁ፣ ያው ዝም ካለስ? ያን ጊዜ ማሽኑ ከራም በፊት ቆሟል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ኃይል ገመድ ፈልጉ። ከትልቁ ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት ሌላ፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ ትንሽ ሶኬት አለ። 12 ቮልቱን ለፕሮሰሰሩ የሚያደርሰው እሱ ነው። እሱ ካልተሰካ ወይም ከላላ ፋኑ ሁሉ ይዞራል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ምንም አያገኝም። በተለይ በቅርቡ ፓወር ሰፕላይ የተቀየረለት ማሽን ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

ቀጥሎ ባትሪዋ። ሳንቲም የምታክለው ሲአር2032 የባዮሱን ምርጫዎችና ሰዓቱን ትይዛለች። ገመዱ ከተሰካ ማሽኑ የሚጠቀመው የግድግዳውን ኃይል ነው፣ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ብቻ ባትሪዋ ትሠራለች። ስለዚህ መብራት በሚበዛበት ቀርቶ በሚጠፋበት ቦታ ቶሎ ትደክማለች። አዲስ 3 ቮልት ነች፤ እኔ ከ2.7 በታች ሳገኛት እቀይራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የደከመች ባትሪ ሰዓት ታሳስታለች እንጂ ስክሪን አታጨልምም። ግን ምርጫዎቹ ከተዘበራረቁ ማሽኑን ሊያስቆሙት ይችላሉ። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ባትሪዋን አውጥታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁና መልሱ፣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል።

ሦስተኛው ሁሉንም ማራቆት ነው። ተጨማሪ ካርዶች፣ ሃርድ ዲስክ፣ ዲቪዲ፣ የዩኤስቢ ዕቃዎች ሁሉ ይነቀሉ፤ ቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነፋኑ፣ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይቅሩ። አንዱ ዕቃ ሾርት አድርጎ ቦርዱን ይዞት እንደሆነ ያኔ ይለቀዋል።

አራተኛው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ፋን ማዞር ለእሱ ቀላል ሥራ ነው፤ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ፋኑን አዙሮ ፕሮሰሰሩ ኃይል ሲጠይቀው ይወድቃል። ሞልቲሜትር ያላችሁ፣ ማሽኑ በርቶ እያለ ቢጫው ገመድ ከጥቁሩ ጋር ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መካከል መሆኑን ለኩ። ከዚያ ውጭ ከሆነ ይቀየር። በመካከሉ ሆኖም ግን ነፃ አይወጣም፤ ሞልቲሜትር ለቅጽበት የሚወርደውን ስለማያሳይ፣ የሚሠራ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር የተሻለ ማስረጃ ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ፓወር ሰፕላዩን ራሱን እንዳትፈቱ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ይገድላሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ በሌላ ፓወር ሰፕላይ ጭምር፣ ያው ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ቦርዱና ፕሮሰሰሩ ላይ ቀርቷል። ሁለቱን ለመለየት የሚገጥም ሌላ ፕሮሰሰር ወይም ሌላ ቦርድ ያስፈልጋል፣ እሱ የቤት ሥራ አይደለም። በእኔ ልምድ ከሁለቱ ቶሎ የሚሄደው ቦርዱ ነው፤ ያበጡ ካፓሲተሮች ወይም የተቃጠለ ቦታ ካያችሁ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠናከራል። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል መነገር የሚችለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ አይደለም።

ለሱቋ ባለቤት ሁለት ነገር ነገርኳት። አንደኛ፣ ሱቁን ስትዘጊ ሲፒዩውን መሬት ላይ አታስቀምጪ፣ በጨርቅም በላስቲክም አፍነሽ አትሸፍኚው፣ እርጥበቱን ይይዝብሻል፤ በሳምንት አንድ ቀን ሰው ገብቶ ለአንድ ሰዓት ያብራው። ሁለተኛ፣ የደንበኛ ሥራ ሲያልቅ ፍላሹን ይዞ ሳይሄድ አትልቀቂው። አስተማሪው ሰኞ ጠዋት አማካሪው ጋ ገባ፣ ከሰዓት ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ ተቀብለውኛል። ግን ምዕራፍ ሦስትን ድገመው አሉኝ።» ለእሱ የሚሆን ላጲስ የለኝም አልኩት።

እንግዲህ የእናንተም ስክሪን ከጨለመ፣ ኢንቦክስ ከመግባታችሁ በፊት ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ይዛችሁ ኑ። ሞኒተሩ ላይ No Signal ይላል ወይስ ፍጹም ጨለማ ነው? ነምሎክ ለጣታችሁ ይታዘዛል? ራሙ ሁሉ ወጥቶ ሲበራ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? መጨረሻ ሲሠራ ከነበረበት ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ? እነዚህን ከጻፋችሁልኝ የትም ብትሆኑ፣ ጎንደርም ደብረ ማርቆስም፣ ማሽኑ የት እንደቆመ ሳላየው ልነግራችሁ እሞክራለሁ። ጥገና ቤት የምትሠሩ ልጆቼ ደግሞ፣ ከዚህ ሌላ ያጋጠማችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ ሁላችንም እንማርበት።